የበዓል ቪዲዮ ስትልኩ ለእማማ መልስ ጊዜ ተዉላት

ለፋሲካ ቢቸና ላሉት ቤተሰቦቻችን ቪዲዮ ስንልክ የተማርነው ነው። «እንኳን አደረሳችሁ» ካላችሁ በኋላ 3 ሰከንድ ዝም በሉ። እናቴ ስልኩን እያየች «እንኳን አብሮ አደረሰን» ብላ ትመልሳለች፤ ካልጠበቃችኋት ቀጥሎ ያላችሁት ያመልጣታል።

ያልነው ይህን ነበር፦

«እማማ፣ አባባ፣ እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ!» (ዝምታ)
«እኛ ደህና ነን። ዶሮውም ተሠርቷል፣ እንደ እማማ እጅ ባይሆንም።»
ልጆቹ፦ «እማማ፣ ናፍቀሽናል፤ መርቂን!» (እዚህ ጋ 5 ሰከንድ፤ የእሷ ምርቃት አጭር አይደለም።)

ከ30 ሰከንድ አይለፍ። ፋይሉ እንዳይከብድ ጥራቱን 720 ላይ አድርጉና ቅዳሜ ሹር ከሰዓት ላኩት። የበዓሉ ዕለት ጠዋት ኔትወርኩ ከተጨናነቀ ቪዲዮው የሚከፈተው ዶሮው ካለቀ በኋላ ነው።