ልባችሁ ድው ድው ሲል አትታገሉት

ስብሰባ ላይ ተቀምጣችሁ ድንገት ጭንቀት ሲይዛችሁ «አሁኑኑ መረጋጋት አለብኝ» እያላችሁ ግብግብ አትግጠሙ። አእምሯችሁ ትግሉን ሲያይ «እውነትም አደጋ አለ ማለት ነው» ይላል። አድሬናሊን ይጨምራል፣ የልብ ምቱም ይብስበታል።

ይልቅ በልባችሁ «እሺ፣ ጭንቀት መጣ፤ ደረቴ ላይ ይሰማኛል» በሉ። የነከሳችሁትን ጥርስና የሰቀላችሁትን ትከሻ ልቀቁ። ልባችሁ እየመታም ቢሆን ወደሚወራው ጉዳይ ተመለሱ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። «ተቀብዬዋለሁ» ይልና በየደቂቃው «ሄደ ወይ?» እያለ ይፈትሻል። ይሄ ስሙን የቀየረ ትግል ነው። ይቆይ ተዉት፤ ካልቆሰቆሳችሁት አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ጊዜ ይበርዳል። (አዲስ የደረት ሕመም ወይም ራስን መሳት ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ሐኪም ይየው።)