የኮንትራት ወተት ወርሃዊ ሪፖርት ሲሠራ የሚበላሸው የት ላይ ነው?

ጅማ ውስጥ ወተት በኮንትራት የሚያቀርብ ነጋዴ ወር ሲያልቅ መጀመሪያ የሚያየው ጠቅላላ ቁጥሩን ነው። ለምሳሌ በመስከረም 40፣ በጥቅምት 50፣ በኅዳር 60 ደንበኛ አለው እንበል። ያደገ ይመስላል። ደንበኞቹን በገቡበት ወር ስንለያቸው ግን በመስከረም ከገቡት 40 ሰዎች በጥቅምት የቀጠሉት 30፣ በኅዳር ደግሞ 24 ናቸው። በጥቅምት ከገቡት 20 ውስጥ ኅዳር ላይ የተገኙት 12 ብቻ ናቸው። ከመጀመሪያው ወር በኋላ የሚቀጥለው ሰው ከ75 ወደ 60 በመቶ ወርዷል፤ ቁጥሩን ከፍ ያደረገው አዲስ ገቢ ነው። ጠቅላላውን ብቻ ማየት የመጀመሪያው ስህተት ነው።

ማካፈያውን መቀየርም አለ። የመስከረሞቹን 24 ለጥቅምቱ 30 አካፍሎ «80 በመቶ ቀጥለዋል» የሚል ሰው ያማረ ቁጥር ያገኛል። ማካፈያው ግን ሁልጊዜ መጀመሪያ የገቡት 40 ናቸው፤ ውጤቱ 60 በመቶ ነው።

በሰንጠረዡ እያንዳንዱ ረድፍ የገቡበት ወር፣ እያንዳንዱ ዓምድ ከገቡ በኋላ ያለፈው ወር ብዛት ነው። በኅዳር የገቡት 24 ሰዎች «ከአንድ ወር በኋላ» በሚለው ዓምድ ሥር ገና ባዶ ናቸው። ባዶውን ዜሮ ብላችሁ ካስገባችሁ ከአንድ ወር በኋላ የቀጠሉት 30 እና 12፣ በድምሩ 42፣ በሦስቱ ወራት ለገቡት 84 ተካፍሎ 50 በመቶ ይወጣል። ወራቸው የደረሰላቸው 60 ሰዎች ብቻ ሲቆጠሩ ግን 70 በመቶ ነው። ባዶው ባዶ ይሁን።

ጳጉሜን ለብቻው እንደ ወር አትቁጠሩት፤ በ5 ቀን የሚከፍል የለምና ሁሉም የጠፋ ይመስላል። ከነሐሴ ጋር ደርቡት። ኤክሴል ላይ በፈረንጅ ቀን የምትጽፉ ከሆነም ሴፕቴምበር ከነሐሴ 26 ጀምሮ እስከ መስከረም 20 አካባቢ የገባውን ሁሉ በአንድ ቋት ይከታል።

ብዙ ነጋዴ የሚሳሳተው ጾም ላይ ነው። በ2018 ሁዳዴ የካቲት 9 ገብቶ ፋሲካ ሚያዝያ 4 ዋለ፤ መጋቢት ሙሉ ጾም ነበር ማለት ነው። መጋቢት ለመስከረም ገቢዎች «ከስድስት ወር በኋላ»፣ ለጥር ገቢዎች «ከሁለት ወር በኋላ» በሚለው ዓምድ ሥር ይወድቃል። ሰንጠረዡ ላይ ጉድለቱ በአንድ ዓምድ ሥር አይሰለፍም፤ ከረድፍ ረድፍ በሰያፍ ይወርዳል። በሰያፍ የወረደ ጉድለት ወሩ ያመጣው ነው። ቀጥ ብሎ በአንድ ዓምድ ሥር ከታየ ግን የደንበኝነታቸው ዕድሜ እዚያ ሲደርስ የሚሰናከሉበት ነገር አለ ማለት ነው፤ መጀመሪያ የምጠረጥረው ሒሳብ አሰባሰቡን ነው።

ሰያፉን አይቶ ሁሉንም በጾም ማሳበብም አይገባም፤ ጅማ ላይ ሙስሊም ደንበኛ ብዙ ነው፣ በረመዳንም ለማፍጠሪያ ወተት ይፈለጋል። ሃይማኖት መመዝገብ አያሻም። አመላላሹ ደንበኛው ሲያቋርጥ «ለምን?» ብሎ ጠይቆ አንድ ቃል ይጻፍ፦ ጾም፣ ዋጋ፣ ውሃ አለው፣ ቤት ቀየረ። «ጾም» ያላሉት ከበዙ ወተቱን ቅመሱት።

በመስከረም ገብቶ በጾም ያቋረጠ ሰው ለፋሲካ ሲመለስ በሚያዝያ አዲስ ገቢ አድርጎ መመዝገብ ደግሞ ሁለት ረድፍ ያበላሻል፦ መስከረም አንድ ሰው ይጎድልበታል፣ ሚያዝያም ወተቱን የለመደ ደንበኛ እንደ አዲስ ይቆጠርለታል። መጀመሪያ በገባበት ወር ስሙ እንዳለ ይቆይ፤ ስልኩ አንዴ በ09 አንዴ በ+2519 ተጽፎ ሁለት ሰው እንዳይመስልም አንዱን አጻጻፍ ያዙ።