«እየበላች እኮ ነው»፦ ላም መታመም ስትጀምር የምንስታቸው ምልክቶች

ከእንጦጦ ጀርባ፣ ወደ ሱሉልታ በሚወስደው መንገድ ዳር ባሉት መንደሮች በእንስሳት ጤና ረዳትነት ስሠራ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ስልኬ ሲጠራ የምሰማው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነገር ነው። «ትናንት ማታ እየበላች ነበር እኮ! ዛሬ መነሳት አቃታት።» በእርግጥ በአንድ ሌሊት የሚጥል በሽታ አለ። አብዛኛው ግን ሁለትና ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ምልክት ያሳያል። የሚያይለት ሰው ነው የሚጠፋው።

ምልክቱን ከማውቃቸው ሰዎች ሁሉ አስቀድመው የሚያዩ አንድ ሽማግሌ ጎረቤት አሉኝ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከብት ሲጠብቁ ነው የኖሩት። አሁን የ11 ዓመት የልጅ ልጃቸውን እያስተማሩ ነው። እኔም ሥራ ሲቀልልኝ ከአጠገባቸው ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። ከዚህ በታች ያሉትን ስህተቶች ልጁ ሠርቷቸዋል። አብዛኞቹን እኔም ሠርቻቸዋለሁ።

ዘሎ መጠጋት

ልጁ በመጀመሪያው ቀን ማለዳ በረቱን ከፍቶ በቀጥታ ወደ ላሞቹ ሄደ። ሽማግሌው ጠሩት።

«ተመለስ። አሁን የምታየው ላሟን አይደለም፤ አንተን የፈራች ላም ነው።»

«እንዴት አባባ?»

«ሰው ሲቀርባት ሕመሟን ትደብቃለች። አውሬ የደከመውን ነው የሚመርጠው፤ ይሄን ታውቃለች።»

እውነታቸውን ነው። ላም ሰው ሲመጣ ቀና ትላለች፣ ጆሮዋን ታቆማለች፣ ጤነኛ ትመስላለች። ስለዚህ በሩ ሳይከፈት፣ መኖ ሳይቀርብ፣ ከአሥራ አምስትና ሃያ እርምጃ ርቀት ቆማችሁ አምስት ደቂቃ ተመልከቱ። ማን ተኝታ ታመሰኳለች? ማን ከሌሎቹ ተነጥላ ቆማለች? ስትነሳ ወገቧን የምትንጠራራው የትኛዋ ናት? በኋላም ወደ ግጦሽ ሲወጡ ተራቸውን እዩ። ከብት የራሱ የሰልፍ ቅደም ተከተል አለው። ሁልጊዜ ከፊት የምትሄድ ላም ዛሬ ከኋላ ከቀረች፣ በዚያው ቀን ጠጋ ብላችሁ መርምሯት።

«እየበላች እኮ ነው» ማለት

በዚህ ላይ ትዕግሥቴ አልቋል። ስንት ላም በዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ምክንያት ዘግይታ እጄ ገባች!

ፉርሽካና አተላ ለላም ጣፋጭ ነው። የታመመችም ትልሰዋለች። ገንዳው ባዶ ሆነ ማለት ላሟ ጤነኛ ናት ማለት አይደለም። ደግሞ ሁለት ላም በአንድ ገንዳ የሚበሉ ከሆነ፣ የበላችው ጎረቤቷ ትሆናለች። መብላቷን ሳይሆን ማመስኳቷን ጠይቁ። ጤነኛ ላም በቀንና በሌሊት ተደምሮ ሰባትና ስምንት ሰዓት ያህል ታመሰኳለች። ከብቶቹ በእኩለ ቀን ጋደም ሲሉ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አፋቸው መንቀሳቀስ አለበት።

ሽማግሌው ልጁን ቁጥር ያስቆጥሩታል። ላሟ የመለሰችውን ጉርሻ ስንት ጊዜ አኝካ ትውጠዋለች? ከ40 እስከ 60 ከሆነ ደህና ነው። ውጣ ጥቂት ሰከንድ ቆይታ ሌላ ጉርሻ ትመልሳለች፤ አንገቷ ላይ ሽቅብ ሲወጣ ይታያል። 20 እና 25 ላይ የምትተው፣ ወይም ጉርሻ ሳትመልስ ዝም ብላ ፈዝዛ የምትቀር ላም የሆነ ነገር ጀምሯታል።

ልጁ መጀመሪያ ሲቆጥር ይሰለች ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ግን ሳይቆጥር ማወቅ ጀመረ፤ ፍጥነቱ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ሽማግሌው የፈለጉትም ይህንን ነበር።

ሁለተኛው ምልክት አፍንጫ ነው። ጤነኛ ላም ቶሎ ቶሎ በምላሷ አፍንጫዋን ትልሳለች። ስለዚህ አፍንጫዋ ንጹሕ ነው፣ ጤዛ የሰፈረበት ይመስላል። መታመም ስትጀምር መላሱን ትተዋለች። ገለባና ፉርሽካ አፍንጫዋ ላይ ተጣብቆ ካያችሁ፣ ገንዳው ባዶ ቢሆንም አትመኑ።

ጆሮ ዳስሶ «ትኩሳት አላት» ማለት

የእንጦጦ ጠዋት ብርድ የጤነኛዋንም ጆሮ በረዶ ያደርጋል። ሽማግሌው ጆሮ ሲነኩ የአንዷን ብቻ አይነኩም፤ የሦስቷን ነክተው ያነጻጽራሉ። እኔ ግን ቴርሞሜትር ግዙ እላለሁ። ፊንጢጣዋ ውስጥ ግድግዳውን አስነክታችሁ ለሁለት ደቂቃ ያዙት። ከ38 እስከ 39.3 ደህና ነው። ፀሐይ ላይ ከቆመች ወይም ከተነዳች በኋላ አትለኩ፣ ያሳስታችኋል።

ልጅ ያየውን አለመስማት

ይህ የራሴ ስህተት ነው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ቡሪት የምትባል ድቅል ላም አለች። ጠዋት ሰባት ሊትር ትሰጥ ነበር። አንድ ቀን ወደ አራት ወረደች። ተጠርቼ ሄድኩ። ትኩሳቷ 39.6 ነበር። በግራ ጎኗ፣ ከመጨረሻው የጎድን አጥንት ኋላ ያለው ጎድጓዳ ላይ ጡጫዬን አስደግፌ ቆጠርኩ። የጤነኛ ላም ጨጓራ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ ይገላበጣል፤ እጃችሁን ገፍቶ ሲያነሳው ይታወቃችኋል። የእሷ አንዴ ብቻ፣ እሱም በደካማው። እበቷ ጥቂትና ደረቅ ነው። ድርቆሹ ደግሞ ሻግቷል። «መኖው ነው፣ ሆዷ ተበላሽቷል» ብዬ የሆድ መድኃኒት ሰጥቼ ሄድኩ።

ልጁ እየተከተለኝ «ትናንት ከዳገቱ ስትወርድ ቆመች እኮ» ብሎኝ ነበር። እሺ ብዬው አለፍኩ።

በሦስተኛው ቀን ስመለስ ሽማግሌው ሜዳው ላይ ጠበቁኝ። ልጁን «አውጣት» አሉት። ቡሪት ዳገቱን በደህና ወጣች። «አሁን መልሳት» አሉት። ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ስትደርስ ቆመች። ልጁ ሲገፋት በሰያፍ፣ እግሯን አጠር አጠር እያደረገች ወረደች። በየእርምጃው በአፍንጫዋ «እምም» ትላለች። ጀርባዋ ወደ ላይ ጎብጧል። የፊት እግሮቿን ክርን ከጎኗ አርቃ ይዛለች።

ሽማግሌው በሁለት እጃቸው ሻኛዋ አካባቢ ያለውን ቆዳ ጨምድደው ወደ ታች ተጫኑ። ጤነኛ ላም እንዲህ ስትያዝ ጀርባዋን ዝቅ ታደርጋለች። ቡሪት ግን ድርቅ አለች፤ ትንፋሿን ይዛ አቃሰተች።

«ውስጧ የሚወጋት ነገር አለ» አሉ።

ያን ጊዜ ሜዳው ዳር የሚሠራውን አዲስ ቤት ቀና ብዬ አየሁት። ሠራተኞቹ ብረት ሲያስሩ የቆረጡት ሽቦ ሳሩ ውስጥ ተበትኗል። ላም በከንፈሯ መርጣ አትበላም። ሳሩን በምላሷ ጠቅልላ፣ በደንብ ሳታኝክ ትውጣለች። ሽቦውም፣ ምስማሩም አብሮ ይገባል። ከባድ ስለሆነ የማር እንጀራ በሚመስለው በፊተኛው የጨጓራ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል። ከዚያ ክፍል ፊት ለፊት፣ ከስስ ጡንቻ ወዲያ፣ በጥቂት ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ያለው ልብ ነው። ቁልቁል ስትወርድ የሆዷ ክብደት ሁሉ ወደ ፊት ይመጣና ሽቦውን ይገፋዋል። የምትቆመው ለዚህ ነው።

የእንስሳት ሐኪም ጠራን። በአፏ ማግኔት አስዋጣት፤ ማግኔቱ ያው ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ሽቦውን ይዞ ያስቀረዋል። የኢንፌክሽን መድኃኒትም ለቀናት ወሰደች። ከበረት አላወጣናትም። የፊት እግሮቿ በሚያርፉበት ቦታ አፈርና ጣውላ ደልድለን ከፊቷ ከፍ አልናት፣ የሆዷ ክብደት ወደ ኋላ እንዲሄድ። በአራተኛው ቀን ስታመሰኳ ልጁ ሮጦ መጥቶ ነገረኝ። በሁለተኛው ሳምንት ጠዋት ስድስት ሊትር ሰጠች።

ግን ዕድለኛ ነበረች። ማግኔት ሽቦው ገና ከጨጓራው ወጥቶ ካልሄደ ነው የሚረዳው። ልብ ከደረሰ በኋላ አይመልሰውም። ፍርምባዋ ሥር ውኃ የቋጠረ እብጠት ካያችሁ፣ የአንገቷ ደም ሥርም እንደ ገመድ ከተወጠረ፣ በጣም ዘግይታችኋል። እኔ ያባከንኳቸው ሁለት ቀናት ቡሪትን እዚያ ሊያደርሷት ይችሉ ነበር። ልጁ የነገረኝን ሰምቼ ቢሆን ኖሮ አንድም ቀን አላባክንም ነበር።

የሆድ መነፋትን ጥጋብ ማለት

መስከረም ላይ፣ ጤዛ ያለበት ማገጥ በጋጡ ጊዜ፣ ግራ ጎኗ ከወገቧ እኩል ከሆነ ጥጋብ አይደለም። ያን ቀን አትተኙ፣ ባለሙያ ጥሩ። በመስከረም ብቻ ሳይሆን በማንኛውም ወር አንዴ እየተነፋች አንዴ እየተሻላት የምትቆይ ላም ደግሞ ብዙ ጊዜ ፌስታል ውጣለች። ዘይት በጠርሙስ የምታጠጡ ከሆነ ጭንቅላቷን ወደ ሰማይ አታንጋጡ፣ ምላሷንም አትያዙ። ሳንባዋ ውስጥ ይገባል።

መጀመሪያ «ኦክሲ» መውጋት

ከመድኃኒት ቤት ኦክሲቴትራሳይክሊን ገዝቶ በግምት የሚወጋ ሰው ሞልቷል። ጉዳቱ መጠኑን መሳት ብቻ አይደለም። ትኩሳቱ ለጊዜው ይበርዳል፣ ላሟ ቀና ትላለች፣ እኔ ስመጣ የማነበው ምልክት አይኖርም። የሽቦ ላም እንኳ በመርፌ ለሁለት ቀን የተሻላት ልትመስል ትችላለች፤ ሽቦው ግን ጉዞውን አላቆመም። ቀድማችሁ ከወጋችሁ ቢያንስ አትደብቁ። ምን፣ ስንት፣ መቼ እንደሰጣችሁ ንገሩኝ። ወተቱንም የመድኃኒቱ ጠርሙስ ላይ የተጻፉት የመጠበቂያ ቀናት እስኪያልፉ ለሰው አትሽጡ፤ የሚጠጣው የጎረቤት ሕፃን ነው።

ባለፈው ሰሞን ልጁ ገና ሳይነጋ ደወለልኝ።

«ጋሼ፣ ዳለቻዋ ዛሬ አፍንጫዋን አልላሰችም።»

«ስታመሰኳስ?»

«ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ። 22፣ 19፣ ከዚያ ተወችው።»

«ትበላለች?»

«ትበላለች። አባባ ግን ደውልለት አሉኝ።»

ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ። ስደርስ ገንዳው ውስጥ አንዲት ፍሬ ፉርሽካ አልቀረም። ጆሮዋም ቀዝቃዛ ነበር። ቴርሞሜትሩን ሁለት ደቂቃ ይዤ አወጣሁት። 40.3 ይላል።