የመጀመሪያው የድምፅ ጌም አልሠራ ሲል፦ ችግሮች፣ መንስኤዎችና መፍትሔዎች

ይህ ጽሑፍ በዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ኤንቪዲኤ በተባለው ነጻ ስክሪን ሪደር እየታገዘ የመጀመሪያውን ጌም ለሚሞክር፣ ማየት ለተሳነው ወይም እይታው ለደከመ ተጫዋች የተዘጋጀ ነው። የስልክ ነገር መጨረሻ ላይ ባጭሩ ይነሳል። በቁልፍ ጥምሮች ውስጥ NVDA ተብሎ የተጻፈው የ Insert ቁልፍ ሲሆን፣ ላፕቶፕ የሚጠቀም ሰው በኤንቪዲኤ የኪቦርድ ሴቲንግ ውስጥ CapsLock እንዲተካው ማድረግ ይችላል።

ማንኛውንም ሴቲንግ ከመነካካት በፊት መታወቅ ያለበት፣ በዚያ ጌም ውስጥ እንዲናገር የታሰበው ማን እንደሆነ ነው። አንዳንዱ ጌም በተዋንያን በተቀረጸ ድምፅ ራሱ ይናገራል። በ2021 የወጣው የካናዳው «ዘ ቬይል» እና ቀደም ሲል ፈረንሳይ ውስጥ የተሠራው «ኤ ብላይንድ ሌጀንድ» ከዚህ ወገን ናቸው። ሌላው ጽሑፉን ለስክሪን ሪደሩ ይልካል፣ የሚያነበውም ስክሪን ሪደሩ ነው፤ ካርታና የሰሌዳ ጨዋታዎችን በነጻ የሚያቀርበው «ኩዊንቲን ሲ ፕሌይሩም» እንዲህ ይሠራል። ሦስተኛው ለሚያዩ ሰዎች ብቻ ተሠርቶ ማንም የማይናገርበት ነው። ለመለየት ጌሙን ከፍተው NVDA+S የሚለውን «ንግግር ጠፍቷል» እስኪል ደጋግመው ይጫኑና በሜኑው ላይ በቀስት ይንቀሳቀሱ። ድምፅ ከቀጠለ የሚናገረው ጌሙ ራሱ ወይም የዊንዶውስ ድምፅ ነው፤ ከተቋረጠ ደግሞ ሥራው የኤንቪዲኤ ነው ማለት ነው። ከሙከራው በኋላ NVDA+S ንግግሩ እስኪመለስ ድረስ ደጋግመው መጫንዎን አይርሱ።

ጌሙ ይከፈታል፣ ነገር ግን ምንም አይናገርም

በመጀመሪያ ጥቂት እይታ ላላቸው ሰዎች አንድ ማሳሰቢያ አለ። የድምፅ ጌሞች አብዛኛውን ጊዜ ሥዕል የላቸውም፤ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ መቆየቱ ጌሙ ተንጠልጥሏል ማለት ስላልሆነ፣ ድምፁን ሳያዳምጡ እንዳይዘጉት።

ዝምታው ግን እውነተኛ ከሆነ በጣም የተለመደው መንስኤ ጌሙ ከዚፕ ፋይል ሳይወጣ መከፈቱ ነው። በዊንዶውስ የዚፕ ፋይል ላይ Enter ሲጫኑ እንደ ተራ ፎልደር ስለሚከፈት፣ ውስጡ ያለውን የጌሙን ፋይል ማስነሳት የሚቻል ይመስላል። ዊንዶውስ ግን የሚያወጣው የተጫኑትን አንዱን ፋይል ብቻ ነው፤ የድምፅ ፋይሎቹና ጽሑፉን ወደ ስክሪን ሪደሩ የሚያደርሰው ትንሽ ፋይል እዚያው ዚፑ ውስጥ ይቀራሉ። ስለዚህ በዚፑ ላይ ሆነው Shift+F10 ተጭነው Extract All የሚለውን ይምረጡና ጌሙን ከወጣው ፎልደር ያስነሡት።

ፋይሉ ወጥቶም ዝምታው ከቀጠለ የጌሙን ፎልደር ይፈትሹ። ከኤንቪዲኤ ጋር የሚነጋገሩ ጌሞች በብዛት ከሚከተሉት አንዱን ይዘው ይመጣሉ፦

```
nvdaControllerClient64.dll
nvdaControllerClient32.dll
Tolk.dll
```

ዚፑ ውስጥ የነበረው ፋይል ፎልደሩ ውስጥ ከሌለ አንቲቫይረሱ ወስዶት ሊሆን ይችላል። የድምፅ ጌሞች አንድ ሰው ብቻውን የሚሠራቸውና ዲጂታል ፊርማ የሌላቸው ስለሚበዙ አንቲቫይረስ ያለ ጥፋታቸው ይጠረጥራቸዋል። በተለይ ቢጂቲ በተባለው የቆየ መሣሪያ የተሠሩት በዚህ ይታወቃሉ። የተያዘውን ፋይል Windows Security ውስጥ Protection history በሚለው ስር ያገኙታል። በእኔ አስተያየት ፋይሉን መመለስ የሚገባው ጌሙ ከሠሪው ገጽ በቀጥታ የወረደ ከሆነ ብቻ ነው፤ ከጓደኛ በፍላሽ የመጣ ከሆነ አጥፍቶ ከምንጩ እንደገና ማውረድ ይሻላል።

ኤንቪዲኤን በኮምፒውተሩ ላይ ሳይጭኑ ከፍላሽ የሚጠቀሙ ሰዎች ሌላ ወሰን ይገጥማቸዋል። እንዲህ ያለው ቅጂ በአስተዳዳሪ ፈቃድ የተከፈተ ፕሮግራምን ማንበብ አይችልም፤ በቤተ መጻሕፍትና በኮምፒውተር ማዕከል ይህ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። መፍትሔው ኤንቪዲኤን መጫን፣ ካልተቻለም ጌሙን ያለ አስተዳዳሪ ፈቃድ መክፈት ነው።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ካልሆነ ጌሙ ማንም ከማይናገርበት ከሦስተኛው ወገን ሊሆን ይችላል። በሜኑው ላይ ቀስት እየተጫኑ በየጊዜው NVDA+Tab ይበሉ፤ ኤንቪዲኤ የመስኮቱን ስም ብቻ የሚደግም ከሆነ ሜኑው እንደ ሥዕል የተሣለ ነው። NVDA+R በዚያ ቅጽበት ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ከምስሉ ለይቶ ያነባል። ይህ ተራ በተራ ለሚጫወቱት ጨዋታ ሊያገለግል ይችላል፤ በሩጫና በተኩስ ጌም ግን ንባቡ ሳያልቅ ሁኔታው ስለሚለወጥ አይረዳም። የመጀመሪያ ጌም የሚፈልግ ሰው በዚህ ባይደክም እመርጣለሁ።

ይናገራል፣ ነገር ግን ንግግሩ መሀል ላይ ይቆረጣል

ጽሑፉን ወደ ኤንቪዲኤ በሚልክ ጌም ውስጥ «ጠላት በስተቀኝ...» ብሎ ጀምሮ ቀሪውን ሳይጨርስ ዝም ካለ፣ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የጌሙ አይደለም። ኤንቪዲኤ ተጠቃሚው ቁልፍ ሲጫን ንግግሩን እንዲያቆም ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ለጽሑፍ ሥራ ይህ ጥሩ ጠባይ ሲሆን፣ በሴኮንድ ብዙ ጊዜ ቁልፍ በሚጫኑበት ጌም ግን መከራ ይሆናል። የ Ctrl ቁልፍ በተለይ ንግግር ማቆሚያ ስለሆነ፣ በ Ctrl በሚተኮስበት ጌም እያንዳንዱ ጥይት አንድ ዓረፍተ ነገር ይቆርጣል።

መፍትሔው ጌሙ ውስጥ እንዳሉ NVDA+Shift+S መጫን ነው። ኤንቪዲኤ በዚያ ፕሮግራም ላይ ብቻ እንዲተኛ ይደረጋል፤ ቁልፎቹን ለጌሙ ይተዋል፣ የጻፉትን ፊደል መደጋገምም ያቆማል፣ ጌሙ በቀጥታ የሚልክለትን ጽሑፍ ግን ያነባል። ራሱ ለሚናገር ጌምም ቢሆን ይህ ይመከራል፤ ሁለት ድምፅ በአንድ ጊዜ ከመስማት ያድናል። ጌሙ ተዘግቶ ሲከፈት ትእዛዙን መድገም ያስፈልጋል። የተኛው ኤንቪዲኤ የጌሙን ተራ መስኮቶች ስለማያነብ፣ ስም ወይም የይለፍ ቃል የሚጻፍበት ሳጥን ሲመጣ በዚያው ጥምር ቀስቅሰው ይሙሉትና መልሰው ያስተኙት።

ንባቡ ሳይቆረጥ አነጋገሩ ብቻ የማይገባ ከሆነ ደግሞ፣ ኤንቪዲኤ በአማርኛ ድምፅ ላይ ተቀምጦ የጌሙን እንግሊዝኛ እያነበበ እንደሆነ ይፈትሹ። በየጊዜው ድምፅ ከመቀያየር ይልቅ፣ ጌሙ ውስጥ ሆነው በ NVDA+Ctrl+P ለዚያ ፕሮግራም ብቻ የሚሠራ ፕሮፋይል ይፍጠሩና በ NVDA+Ctrl+V የእንግሊዝኛ ድምፅና የሚስማማዎትን ፍጥነት ይምረጡለት። ከጌሙ ሲወጡ የአማርኛው ድምፅ በራሱ ይመለሳል።

ቀስቶቹ ይሠራሉ፣ ፊደሎቹ ግን አይሠሩም

በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ይህ ልዩ ችግር ነው፤ በእንግሊዝኛ የተጻፉት መመሪያዎችም አያነሡትም። አንድ የማውቀው ተማሪ ያጋጠመው እንዲህ ነበር፦ ሜኑው ላይ በቀስት ይወጣል ይወርዳል፣ በ Enter ይመርጣል፣ ጨዋታው ሲጀመርም በቀስት ይራመዳል፤ ጤናውን ለመጠየቅ H፣ ያለበትን ቦታ ለማወቅ C ሲጫን ግን ጌሙ መልስ አይሰጥም። ጌሙን አጥፍቶ እንደገና ቢጭነውም ለውጥ አልነበረም።

ፍንጩ የሚሠሩትና የማይሠሩት ቁልፎች አከፋፈል ላይ ነበር። ቀስትና Enter በየትኛውም ቋንቋ አንድ ናቸው፤ የሚለወጡት ፊደሎች ብቻ ናቸው። ተማሪው ከጌሙ በፊት በአማርኛ መልእክት ሲጽፍ ስለነበር ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ቀርቶ ነበር፤ H ሲጫን ጌሙ የሚደርሰው «ህ» ነበር እንጂ የሚጠብቀው ፊደል አልነበረም። Windows+Space ሲጫን ኤንቪዲኤ የተመረጠውን ኪቦርድ ስም ስለሚያነብ፣ እንግሊዝኛው እስኪሰማ መቀያየር በቂ ሆነ። ኪማን ወይም ሌላ ለብቻው የተጫነ የአማርኛ መጻፊያ ያለው ሰው ደግሞ ዊንዶውሱ እንግሊዝኛ ቢልም መጻፊያው በርቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ጌሙን ከመክፈቱ በፊት ያጥፋው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ኖትፓድ ከፍተው H ይጻፉና በቀስት ተመልሰው ያስነብቡት።

ድምፁ ይሰማል፣ አቅጣጫው ግን አይታወቅም

የድምፅ ጌም የሚጫወቱት በግራና በቀኝ ጆሮ መካከል ባለው ልዩነት ስለሆነ፣ በላፕቶፕ ስፒከር መጫወት ብዙ አያስኬድም፤ ተራ ባለ ገመድ ኤርፎን ይበልጠዋል። ኤርፎን አድርገውም ሁሉም ድምፅ መሀል ላይ የሚሰማ ከሆነ በ Windows+U የሚከፈተው ገጽ ውስጥ Audio ገብተው Mono audio የሚለው ጠፍቶ መሆኑን ይመልከቱ። ይህ ሴቲንግ ሁለቱን ጆሮ አንድ ያደርጋል፤ በአንድ ኤርፎን ብቻ ሌላ ሥራ ሲሠሩ የኖሩ ሰዎች አብርተውት ይረሱታል። ግራው በቀኝ ከተሰማ ኤርፎኑ ተገልብጧል።

ብሉቱዝ ሁለት ችግር ያመጣል። አንደኛው መዘግየት ነው፤ ጠላት ሰይፉን ሲያነሣ የሚሰማው ድምፅ ትንሽ ዘግይቶ ስለሚደርስ፣ በትክክለኛው ጊዜ የተከላከለ ተጫዋች እንኳ ይመታል። ሁለተኛው፣ የኤርፎኑ ማይክሮፎን ሲከፈት፣ ለምሳሌ ከጓደኛ ጋር በድምፅ እያወሩ ሲጫወቱ፣ ኤርፎኑ ወደ ስልክ ጥሪ ዓይነት ድምፅ ሊወርድና ግራና ቀኙ ሊጠፋ ይችላል። ድምፁ በድንገት እንደ ስልክ ጥሪ ከታፈነ መንስኤው ይህ ነው፤ ገመድ ይጠቀሙ ወይም ለንግግሩ ሌላ ማይክሮፎን ይምረጡ።

ግራና ቀኙ ግልጽ ሆኖ ፊትና ኋላው ብቻ ቢምታታ ግን ብልሽት አይደለም። በሁለት ጆሮ ብቻ ፊትን ከኋላ መለየት አስቸጋሪ ስለሆነ ብዙ ጌሞች ከኋላ ያለውን ድምፅ ወፈር ወይም አፈን አድርገው ያሰሙታል። በመለማመጃው ክፍል አንድ ድምፅ ባለበት ቆመው በዝግታ ዙሪያዎን ቢዞሩ ልዩነቱን ይይዙታል።

በስልክ ላይ ጣት ሲያንሸራትቱ ጌሙ አይታዘዝም

የአንድሮይዱ ቶክባክና የአይፎኑ ቮይስኦቨር የጣት እንቅስቃሴን ከጌሙ በፊት ይቀበላሉ፤ ተጫዋቹ ወደ ፊት ለመራመድ ሲያንሸራትት ስክሪን ሪደሩ ወደሚቀጥለው ነገር መሄድ የተፈለገ ይመስለዋል። ራሱ በሚናገር ጌም ጊዜ ስክሪን ሪደሩን ማጥፋት ይህን ይፈታል። ይሁን እንጂ ከማጥፋትዎ በፊት ማብሪያው አቋራጭ መሥራቱን እዚያው ዋናው ገጽ ላይ ይሞክሩ። በአንድሮይድ ሁለቱን የድምፅ ቁልፎች አንድ ላይ ለጥቂት ሴኮንድ መያዝ፣ በአይፎን ደግሞ የጎኑን ቁልፍ ሦስት ጊዜ በፍጥነት መጫን ነው፤ መነሻ ቁልፍ ባላቸው የቆዩ አይፎኖች መነሻ ቁልፉን ይጫኑ። ሁለቱም በስልኩ የተደራሽነት ሴቲንግ ውስጥ አስቀድመው ካልተፈቀዱ አይሠሩም።