ሌሊት 6 ሰዓትን የሚሻገር ፈረቃና የትርፍ ሰዓት ስሌት፦ ችግርና መፍትሄ

ድሬዳዋ ውስጥ በፈረቃ የሚያሠሩ ድርጅቶችን ፔሮል ሳስተካክል ዓመታት አልፈዋል፤ የሚያጋጥመኝ ስህተት ግን ከጥቂቶቹ አይወጣም። ኤክሴል ላይ ሰዓት ማስገባትና ፎርሙላ መገልበጥ ለሚያውቅ ሰው ስለምጽፍ ወደዚያ አልመለስም። ስህተቶቹን ሁሉ በአንድ ሠራተኛ ላይ እናያቸዋለን።

ሠራተኛው የወር ደመወዙ 6,240 ብር ነው። ከቀኑ 7:30 ገብቶ፣ ግማሽ ሰዓት አርፎ፣ ማታ 4 ሰዓት ላይ መውጣት ነበረበት፤ ተተኪው ስለቀረ ግን የወጣው ሌሊት 6:40 ነው። በ24 ሰዓት አቆጣጠር ከ13:30 እስከ 00:40 መሆኑ ነው። በሥራ ቦታ የቆየው 11 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ሲሆን፣ እረፍቱና መደበኛው 8 ሰዓት ሲቀነሱ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ትርፍ ይቀራል። በሳምንት 48 ሰዓት በዓመት 52 ሳምንት ተባዝቶ ለ12 ወር ሲካፈል 208 ስለሚሆን፣ የሰዓት ክፍያው 6,240 ለ208 ተካፍሎ 30 ብር ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከማታ 4 ሰዓት እስከ ንጋት 12 ሰዓት የተሠራ ትርፍ ሰዓት በ1.75 ስለሚባዛ፣ አንዱ ትርፍ ሰዓት 52.50 ብር፣ የዚያ ሌሊት ክፍያ ደግሞ 140 ብር ይሆናል። ይህን 140 ብር ያዙት፤ ከዚህ በኋላ የምናየው እንዴት እንደሚጠፋ ነው።

ምልክት፦ ሴሉ በ`#####` ተሞልቷል

አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ዓምዱን ማስፋት ነው፤ ዓምዱ ገጹን ሁሉ ቢሸፍንም ምልክቱ አይጠፋም። ለኤክሴል 00:40 ከ13:30 ያነሰ ቁጥር ስለሆነ ልዩነቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ ኤክሴል ደግሞ ከዜሮ በታች የሆነ ሰዓት አያሳይም። መግቢያው በB2፣ መውጫው በC2 ከሆነ ትክክለኛው ትርፍ ሰዓት እንዲህ ይወጣል፦

```
=MOD(C2-B2,1)*24-0.5-8
```

`MOD` መውጫው በማግስቱ እንደሆነ ቆጥሮ አንድ ቀን ይጨምርለታል፤ በ24 ማባዛቱ የቀን ክፋይ የሆነውን ቁጥር ወደ ሰዓት ይለውጠዋል። ውጤቱ 2.6667 ነው። ሴሉ 16:00 ካሳያችሁ ስሌቱ ትክክል ሆኖ የሴሉ ፎርማት ገና የሰዓት ነው ማለት ስለሆነ ወደ ቁጥር ቀይሩት። የሌሊቱ ክፍያ 140 ብር መሆኑ ቀርቶ 5.83 ብር ከወጣ ደግሞ በ24 ማባዛቱ ተረስቷል። `#####` ለማጥፋት ብሎ ፋይሉን ወደ 1904 የቀን አቆጣጠር የቀየረ ሰው አጋጥሞኛል፤ ምልክቱ ጠፋለት፣ ፋይሉ ውስጥ ያሉ ቀኖች በሙሉ ግን አራት ዓመት ከአንድ ቀን ወደፊት ሄዱ። ይህን ፈጽሞ አታድርጉ።

ምልክት፦ ሠራተኛው 23 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ሠርቷል ይላል

ይህ የእኛው የሰዓት አቆጣጠር ያመጣው ነው። የጥበቃው መዝገብ ላይ «7:30 ገባ፣ 6:40 ወጣ» ተብሎ የተጻፈውን ጸሐፊዋ እንዳለ ታስገባዋለች። እኛ 7:30 ስንል ከቀትር በኋላ፣ 6:40 ስንል ከእኩለ ሌሊት በኋላ መሆኑን እናውቃለን፤ ኤክሴል ግን ሁለቱንም የጠዋት ሰዓት አድርጎ ያነባቸውና `MOD` 23:10 ይሰጣል። ልክ 12 ሰዓት የሚበልጥ ወይም የሚያንስ ውጤት ባያችሁ ቁጥር ሌላ ምክንያት አትፈልጉ።

ሲመዘገብ የቀን ሰዓት ላይ 6፣ የማታና የሌሊት ሰዓት ላይ 18 ይደመራል፤ ድምሩ 24 ከደረሰ ወይም ካለፈ 24 ይቀነሳል። ሌሊት 6:40 እና 18 ሲደመሩ 24:40 ይሆናሉ፣ 24 ሲቀነስ 00:40 ይቀራል። የሚያሳስተው ከ12 እስከ 1 ሰዓት ያለው ክፍተት ነው። «ጠዋት 12:30» በስሙ የቀን ቢመስልም የሚደመርበት 18 ነው፣ ውጤቱም 06:30 ይሆናል፤ «ማታ 12:30» ደግሞ የሌሊት ቢመስልም የሚደመርበት 6 ሲሆን 18:30 ይወጣል። የሌሊት ፈረቃ የሚለቀቀው በዚሁ ሰዓት በመሆኑ ስህተቱ በየቀኑ ይደገማል።

ምልክት፦ አንዱ ቀን ቀሪ፣ ማግስቱ 21 ሰዓት

የጣት አሻራ ማሽን ባለበት ቦታ የሚታይ ነው። ማሽኑ ቀኑን የሚቀይረው በ00:00 ነው፤ በእኛ ዘንድ ግን ሌሊት 6:40 ገና የዚያው ቀን ሥራ ነው። ስለዚህ በ14ኛው ቀን መግቢያው ብቻ ይቀርና ፕሮግራሙ ሠራተኛውን ቀሪ ይለዋል፤ በ15ኛው ቀን ደግሞ 00:40 እንደ መግቢያ፣ በማታው የወጣበት 22:03 እንደ መውጫ ተወስዶ 21 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ይመዘገባል። ተተኪ ጠፍቶ ለድርጅቱ ሲል የቆየ ሰው «ቀሪ» ተብሎ ሲቀጣ ማየት ያበሳጫል።

ፕሮግራሙ የሚፈቅድ ከሆነ የቀኑ መቁረጫ ለእያንዳንዱ ፈረቃ ለብቻው፣ ማንም በማይገባበትና በማይወጣበት ሰዓት ይቀመጥ፤ ለከሰዓቱ ፈረቃ 05:00፣ ለሌሊቱ ፈረቃ 12:00 ተስማሚ ነው። አንድ መቁረጫ ለሁሉም ማድረግ ችግሩን ከአንዱ ፈረቃ አንስቶ በሌላው ላይ መጫን ነው። ፕሮግራሙ የማይፈቅድ ከሆነ ቀኑንና ሰዓቱን በአንድ ሴል አስገቡና `=(C2-B2)*24-0.5-8` በሉ፤ ያኔ `MOD` አያስፈልግም። ቀኑ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ይሁን፤ ኤክሴል አሥራ ሦስተኛ ወር ስለማያውቅ ጳጉሜን ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል።

ምልክት፦ ሠራተኛው «ደቂቃዬ ጎድሏል» ይላል፣ ሰነዱ ግን የተስማማ ይመስላል

ካየኋቸው ስህተቶች የሚበዛው ይህ ነው። ምንም ቀይ ምልክት ስለማይወጣለት ለወራት ይቆያል። ምክንያቱ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃን 2.40 ብሎ መጻፍ ነው። በእጅ ስንጽፍ በሰዓትና በደቂቃ መካከል ነጥብ ማድረግ ለምደናል፤ ወረቀት ላይ ማንንም አይጎዳም። ያ ቁጥር በ52.50 ሲባዛ ግን ነጥቡ አስርዮሽ ይሆናል። 40 ደቂቃ የሰዓት 40 መቶኛ አይደለም፤ 40 ለ60 ሲካፈል 0.6667 ነው። በመሆኑም የዚያ ሌሊት 140 ብር ወደ 126 ብር ይወርዳል።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ የቢሮው ማራገቢያ ወረቀቱን እያገላበጠ ሲያስቸግረኝ፣ ይኸው ሠራተኛ ላቡን እየጠረገ ገባና ከደረት ኪሱ ትንሽ ደብተር አወጣ። «ጋሼ፣ ዘጠኝ ሌሊት ነው የቆየሁት፤ እኔ ስደምረው ሃያ አራት ሰዓት ሞልቷል» አለኝ። እያንዳንዱን ሌሊት በሰረዝ አስምሮበታል። ዘጠኝ ጊዜ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ በእርግጥ 24 ሰዓት ነው፤ የሚገባው 1,260 ብር ነበር። ፔሮሉ ላይ የተከፈለው ግን 976.50 ብር ነው። ዘጠኝ ጊዜ 2.40 ቢሆን 1,134 መውጣት ስለነበረበት መጀመሪያ ግራ ገባኝ። ነገሩ ሲፈተሽ ስህተቱ ሁለት ሆኖ ተገኘ። የመጀመሪያዋ ጸሐፊ 2.40 ስትጽፍ ኤክሴል የመጨረሻዋን ዜሮ ጣላትና 2.4 ሆነ፤ ሰነዱን የተረከበው ሁለተኛው ጸሐፊ ደግሞ 2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ነው ብሎ በጥንቃቄ ወደ አስርዮሽ ለወጠው። እንዲህ ሆኖ በየሌሊቱ 36 ደቂቃ ጠፋ። ሁለቱም ሰነፎች አልነበሩም፤ ሰነዱ ላይ ያለው የዓምዱ ርእስ ግን «ሰዓት» ከማለት በቀር ምን ዓይነት ሰዓት እንደሆነ አይናገርም ነበር። ርእሱ «ሰዓት:ደቂቃ» ወይም «ሰዓት በአስርዮሽ» ይበል፤ ሦስተኛ ዓይነት አይኑር።

የተጠረጠረን ዓምድ ለመለየት ከነጥቡ በኋላ ያሉትን አኃዞች ከላይ እስከ ታች ተመልከቱ። በእውነተኛ አስርዮሽ ውስጥ .67፣ .75፣ .83፣ .92 መታየታቸው አይቀርም። በመቶ መስመሮች ውስጥ ከ.59 የሚበልጥ አንድም ከሌለ፣ እነዚያ ደቂቃዎች ናቸው። በዚህ መንገድ የተጻፈ ዓምድ በA ላይ ካለ የሚታረመው እንዲህ ነው፦

```
=INT(A2)+(A2-INT(A2))*100/60
```

ይህ 2.40ን ወደ 2.6667 ይለውጣል። ፎርሙላው የሚሠራው ዓምዱ በሙሉ በደቂቃ የተጻፈ ከሆነ ብቻ ነው፤ ከመሃል አንድ 2.75 ካለ 3.25 አድርጎ ያሳብጠዋል። በታረመ ዓምድ ላይ ዳግመኛ አታስኪዱት። ዋናውን ዓምድም አትሰርዙት፤ ደብቁት እንጂ። በየቀኑ 2.67 እያሉ ማጠጋጋትም ልክ አይደለም፤ ዘጠኙ ሌሊት 24.03 ይሆናል። ደቂቃው ወር ሙሉ ይደመር፣ አንዴ ለ60 ይካፈል፣ የሚጠጋጋውም በመጨረሻ ብሩ ይሁን።

ጥቂት ሌሎች

የወሩ ድምር 0:00 ካሳየ ሰዓቱ አልጠፋም፤ የዚያ ሠራተኛ 24 ሰዓት ሙሉ ቀን ስለሆነ ነው። ፎርማቱን `[h]:mm` አድርጉት።

በአማርኛ ኪቦርድ የተጻፈ 2፡40 ለኤክሴል ጽሑፍ ነው። ሲቀነስ `#VALUE!` ይላል፤ የከፋው ግን `SUM` ዝም ብሎ ይዘለዋል። የእኛን ፡ በሙሉ ፈልጋችሁ በ : ተኩት።

መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ባትሪው የደከመ ማሽን ሰዓቱ ሊዛነፍ ይችላል፤ ርካሽ ማሽን የገዛ ድርጅት በየጠዋቱ ከስልክ ጋር ያመሳክር።

24 ሰዓት ሙሉ የሚያድር ጥበቃ ጠዋት 2 ሰዓት ገብቶ በማግስቱ ጠዋት 2 ሰዓት ሲወጣ `MOD` ዜሮ ይሰጠዋል፤ ለእንዲህ ያለው ከነቀኑ ከመጻፍ ሌላ መንገድ የለም።

ከማታ 3:30 ገብቶ ንጋት 12 ሰዓት መውጣት ሲገባው እስከ ጠዋት 1:20 የቆየ ሠራተኛ፣ የሌሊት ፈረቃ ነውና ተብሎ ትርፉ በ1.75 ይሰላለታል። ትርፍ የሠራው ግን ከንጋት 12 ሰዓት በኋላ ያለውን 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ስለሆነ የሚባዛው በ1.5 ነው፤ ማባዣውን የሚወስነው ትርፉ የተሠራበት ሰዓት እንጂ የፈረቃው ስም አይደለም።