ፊቱ የተቀየረ ፎቶ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና ማጣሪያው

ፌስ ስዋፕ፣ ማለትም የአንድን ሰው ፊት በሌላ ሰው ፎቶ ላይ መተካት፣ ጭንቅላትን እንዳለ አይቀይርም። አብዛኞቹ ፕሮግራሞች የሚነኩት ከቅንድብ እስከ አገጭ ያለውን ነው፤ ጆሮ፣ ፀጉርና አንገት መጀመሪያ ፎቶው ላይ የነበረው ሰው እንደሆኑ ይቀራሉ። ስለዚህ የምንፈልገው ሁለቱ ሰዎች የተገጣጠሙበትን ቦታ ነው።

ፊቱ የምናውቀው ሰው ነው፣ ጆሮው ግን አይመስልም

እኔ ሁልጊዜ የምጀምረው ከዚህ ነው፤ ጆሮው የሌላ ሰው ነውና። የዚያኑ ሰው የማያጠራጥር የቆየ ፎቶ፣ በተቻለ መጠን ከተመሳሳይ አቅጣጫ የተነሳ፣ ፈልጉና ጎን ለጎን አስቀምጡ። የጆሮውን የታችኛውን ለስላሳ ክፍል እዩ። በአጠራጣሪው ፎቶ ላይ ተንጠልጥሎ፣ በቆየው ላይ ግን ቀጥ ብሎ ከጉንጩ ጋር ተጣብቆ ከታየ ሰውየው አንድ አይደለም ማለት ይቻላል። ይህ በሜካፕ አይቀየርም። የጆሮው ቁመት ግን ሊያሳስት ይችላል፤ ሰው ቀና ወይም ጎንበስ ሲል ጆሮው ከቅንድቡ አንጻር ዝቅና ከፍ ይላል። ሰልፊ ከሆነ ደግሞ ምስሉ ተገልብጦ ሊሆን ስለሚችል፣ ቀኙን ከግራው ጋር እንዳታወዳድሩ መልሳችሁ ገልብጡት።

በነገራችን ላይ፣ ሁለቱ ጆሮዎች እርስ በርሳቸው መመሳሰላቸው ፎቶውን ነጻ አያወጣውም። ሁለቱም የአንድ እውነተኛ ሰው ናቸው፤ የፊቱ ባለቤት ግን አይደሉም።

ጥርሱ ክፍተት የሌለው ነጭ መስመር ሆኗል

ፊት ለመቀየር በሰፊው የሚሠራበት `inswapper_128` ሞዴል፣ ስሙ እንደሚጠቁመው፣ ፊቱን የሚያወጣው በ128 በ128 ፒክስል ነው። በዚህ መጠን ለጥርስ የሚተርፈው ፒክስል ጥቂት ነው። ከዚያ ማጥሪያ ፕሮግራም ሲጨመርበት ጥርሱን በግምት ይስለዋል። ከመፍረዳችሁ በፊት ግን የሸሚዙን ኮሌታና የፀጉሩን ጫፍ አጉልታችሁ እዩ። እነሱም ከደበዘዙ ጥፋቱ ምስሉ ሲላክ መጨመቁ ሊሆን ይችላል፤ ላኪው እንደ ፋይል እንዲልክላችሁ ጠይቁ። ፀጉሩ ጥርት ብሎ ጥርሱ ብቻ ከተዋሐደ ጥርጣሬው ይጠነክራል።

ጥላው አይገጥምም

የአፍንጫው ጥላ ወደ ግራ ወድቆ የአገጩ ጥላ አንገቱ ላይ ወደ ቀኝ ከወደቀ፣ ሁለተኛ መብራት መኖር አለመኖሩን ከፎቶው ጀርባ አጣሩ፤ ከሌለ ጥርጣሬው ይጠነክራል።

የዓይኖቹ ነጸብራቅ ይለያያል

ሁለቱ ዓይኖች የሚያዩት አንድ መስኮት ወይም መብራት ስለሆነ፣ ብርሃኑ በሁለቱም ብሌን ላይ ተቀራራቢ ቅርጽና ቦታ ሊኖረው ይገባል። መብራቱ በጣም ከቀረበ ወይም ፊቱ ወደ ጎን ከዞረ ግን በእውነተኛ ፎቶም ይለያያል። ለብቻው ማስረጃ አታድርጉት።

ጥርጣሬው ካልጠራ ፊቱን ቆርጣችሁ አውጡና ልብሱንና ጀርባውን ብቻ በጎግል ሌንስ ፈልጉ። አካሉ ከሌላ ፎቶ የተወሰደ ነውና፣ ያ ፎቶ ኢንተርኔት ላይ ካለ ከነዋናው ፊት ሊገኝ ይችላል።