4 × 6ን በቆርኪ ማስረዳት

ሶስተኛ ክፍል የምታስተምሩ ወይ ልጅ ያላችሁ፣ የማባዣ ሰንጠረዥ ከማስሸምደዳችሁ በፊት ይቺን ሞክሩ። 24 ቆርኪ ስጡትና 4 ሳህን ላይ ስድስት ስድስት አርጎ ያስቀምጥ፣ ከዛ 6 + 6 + 6 + 6 ብሎ ይጻፍ፣ ከስሩ 4 × 6። እዚህ ጋ ብዙ ልጅ 4ና 6ን ደምሮ 10 ይላል፣ ሁለቱም የቆርኪ ብዛት ስለሚመስለው ነው፣ ስለዚህ "4ቱ የምን ቁጥር ነው?" ብላችሁ ጠይቁት፣ የሳህን ካለ ገብቶታል።

ቀጥሎ ሳህኖቹን አንሱና ያንኑ ቆርኪ ካርቶን ላይ በ4 ረድፍ ይደርድረው፣ እያንዳንዱ ረድፍ ድሮ አንድ ሳህን የነበረው ነው። አንዷን ቆርኪ ወደ ሌላ ረድፍ ብታዛውሩ 7 + 5 + 6 + 6 ይሆናል፣ ድምሩ ያው 24 ነው ግን ረድፎቹ እኩል ስላልሆኑ 4 × 6 ብሎ መጻፍ አይቻልም፣ ይሄን በአይኑ ማየቱ በጣም ይጠቅማል። መልሱትና ካርቶኑን በጎን አዙሩት፣ አሁን 6 ረድፍ ባለ 4 ነው፣ መደመሩ ተቀየረ፣ 24ቱ ግን እዛው ነው።

አንድ በአንድ እየነካ የሚቆጥር ከሆነ ካርቶኑን ወደ 4 ረድፉ መልሱት፣ ረድፎቹን በወረቀት ሸፍኑና አንድ አንድ ረድፍ እየገለጣችሁ 6፣ 12፣ 18፣ 24 ይበል።